ጣት መሃል ያለው ፈንገስ፣ ከላይ ያለው የጫማ አለርጂ፤ እንዴት ይለያሉ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 27 ዓመቴ ነው። ሐዋሳ ውስጥ የሆቴል አስተናጋጅ ነኝ። ለፋሲካ አዲስ ጥቁር የቆዳ ጫማ ገዝቼ ሥራ ላይ ማድረግ ጀመርኩ። ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው የሁለቱም እግሮቼ ጣቶች ከላይ በኩል ቀሉ፣ ውሃ የቋጠሩ ትናንሽ ነገሮችም ወጡባቸው። እከኩ አያስተኛም። የቀኝ እግሬ ትንሿ ጣትና አጠገቧ ባለችው መሃል ደግሞ ነጭ ሆኖ ይላላጣል፣ ይሸታል። ፋርማሲ ሄጄ "ሁሉንም ያጠፋል" ብለው ክሬም ሰጡኝ። በሦስት ቀን ጠፋ፤ ስተወው ተመለሰ። ይህንኑ ደጋግሜ አየሁት። አሁን መቀባት ካቆምኩ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል። ጓደኛዬ ፈንገስ ነው ይላል፣ እህቴ የጫማ አለርጂ ነው ትላለች። የቱ ነው? ጫማውን ልጣለው?

መልስ፦

ጓደኛህም እህትህም ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። እንደ አነጋገርህ ከሆነ እግርህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። ትንሿ ጣትህ መሃል ያለው ፈንገስ ይመስላል። ከጣቶችህ በላይ ያለው ደግሞ ከጫማው የመጣ የቆዳ አለርጂ ይመስላል። ሳላይህ መፍረድ አልችልም። ግን ቦታው፣ ጊዜውና ክሬሙ ያደረገው ነገር ሦስቱም ወደዚያው ይጠቁማሉ።

ከቦታው ልጀምር፤ ዋናው እሱ ነውና። ፈንገስም አለርጂም ያሳክካሉ፣ ያቀላሉ፣ ይላላጣሉ፣ ውሃ ይቋጥራሉ። በመልክ ብቻ ለመለየት መሞከር ልምድ ያለውን ሐኪምም ያሳስታል። የሚቀመጡበት ቦታ ግን ብዙ ጊዜ ለየቅል ነው።

እስቲ ጫማህን አስበው። የጫማው ፊት የሚያርፈው የት ነው? በጣቶችህ ጀርባ ላይ፣ በተለይ በአውራ ጣትህ ላይ፣ ከዚያም በእግርህ ጀርባ ላይ ነው። ጣቶችህ መሃል ግን ጫማው አይገባም። እዚያ ውስጥ ቆዳ የሚነካው ሌላ ቆዳን ነው። ስለዚህ ጫማው ውስጥ ያለ ኬሚካል የሚያስቆጣው ጫማው የሚያሻሸውን ቦታ ነው፤ የጣት መሃል አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ችግሩ ከውስጥ ሶሉ ከሆነ ደግሞ የውስጥ እግር ይቀላል። ያኔም ቢሆን መሬት የማይነካው የውስጥ እግር ጎድጓዳ ክፍል ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ ሶሉ ላይ አጥብቆ አያርፍማ።

ፈንገሱ የሚወደው ተቃራኒውን ነው። ቆዳና ቆዳ የተጣበቁበት፣ አየር የማይገባበት፣ ላብ የማይደርቅበት ቦታ ይፈልጋል። እግር ላይ ከትንሿ ጣትና ከአራተኛዋ መሃል የበለጠ የታፈነ ቦታ የለም። እነዚህ ሁለት ጣቶች በተፈጥሯቸው የተጠጋጉ ናቸው። ጠባብ ጫማ ሲጨመርበት ጭራሽ ይጣበቃሉ። የጣት መሃል ፈንገስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እዚያው ነው። ቆዳው ውሃ ውስጥ እንደቆየ ነጭ ሆኖ ይላላል፣ ስታሸው ይላጣል፣ ሥሩ ቀይ ሆኖ ይሰነጠቃል፣ ይሸታል። አንተም የነገርከኝ ይህንኑ ነው።

ሌላው ፍንጭ አንድ እግር ወይስ ሁለት እግር የሚለው ነው። ጫማ የሚደረገው በጥንድ ነው። ግራውም ቀኙም ከአንድ ቆዳ፣ በአንድ ማስቲሽ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ አለርጂው ሁለቱንም እግር እኩል ባይሆን እንኳ በተመሳሳይ ቦታ ይይዛል። ያንተም የላይኛው ቁጣ ሁለቱም እግር ላይ ነው። ፈንገስ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ እግር ይጀምራል። ያንተ የጣት መሃሉ ቀኝ እግር ላይ ብቻ ነው። ይህ ብቻውን ማስረጃ ባይሆንም ከቦታው ጋር ሲደመር ሚዛን ይደፋል።

ደንቡን የሚያፈርስ ነገርም አለ። ነጠላ ጫማ ስታደርግ በአውራ ጣትህና በሁለተኛዋ ጣት መሃል የምትገባ ላስቲክ አለች አይደል? ለላስቲክ አለርጂ ያለበት ሰው እዚያው መሃል ላይ ያሳክከዋል። ከዚያ ተነስቶም በማሰሪያው መስመር ልክ ወደ ሁለቱም ጎን ይወጣል። ይህን አይቶ "ጣት መሃል ነውና ፈንገስ ነው" ያለ ተሳስቷል። የጣት መሃል ሲባል የትኛው መሃል እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። በአውራ ጣት በኩል ያለው መሃል ሲሆን ነጠላ ጫማን ጠርጥር፤ በትንሿ ጣት በኩል ሲሆን ፈንገስን። ካልሲ ከሆነ ጥፋተኛው፣ ቁጣው ካልሲው የደረሰበት ድረስ ይሄዳል። የላስቲኩ ጠርዝ ባረፈበት ቁርጭምጭሚት ላይ መስመር ሠርቶ ያቆማል። የካልሲ አለርጂ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከጥቁርና ከጥቁር ሰማያዊ ሰው ሠራሽ ካልሲ ማቅለሚያ ነው። በደንብ ያልታጠበ የዱቄት ሳሙናም ካልሲ ላይ ቀርቶ በላብ ሲርስ ቆዳን ይለበልባል። ያንተ ግን ጣቶች ላይ ቆሞ ወደ ቁርጭምጭሚት ስላልወጣ ካልሲውን ለጊዜው ነጻ አውጥቼዋለሁ።

አሁን ወደ ጊዜው እንምጣ። ብዙ ሰው "አለርጂ ቢሆን ኖሮ የገዛሁ ቀን ይይዘኝ ነበር" ይላል። የጫማ አለርጂ እንደዚያ አይሠራም። እንደ ምግብ አለርጂ በደቂቃ አይነሳም። መጀመሪያ ሰውነትህ ያንን ኬሚካል "ጠላት ነው" ብሎ መለየት አለበት፤ ይህ ቢያንስ ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ከዚያ በጣም ይረዝማል። አንዴ ከለየው በኋላ ግን ጫማውን ባደረግህ በአንድ፣ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ይነሳብሃል። ለፋሲካ የተገዛ ጫማ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቁጣ ቢያመጣ ከዚህ ጋር ይገጥማል። የአንድ ወይም የሁለት ቀን መዘግየቱ ሰውን ያሳስታል። እሁድ ዕረፍት ላይ ሆኖ ሲያሳክከው "ጫማውን አላደረግሁም እኮ" ይላል። ያሳከከው የዓርቡ ነው።

ፈንገሱስ? እሱ ከጫማው በፊትም የነበረ ይመስለኛል። የጣት መሃል ፈንገስ ለወራት ሳያስቸግር ሊቀመጥ ይችላል። ትንሽ ላጥ ላጥ ይላል፣ ሰው ልብ አይለውም። አዲሱ ጫማ ጠባብና አየር የማያስገባ ሲሆን፣ ቀኑን ሙሉ ቆመህ ስትሠራ፣ ያ ቦታ በላብ ራሰ። የተኛው ተቀሰቀሰ። ስለዚህ ጫማው በሁለቱም ነገር ውስጥ እጁ አለበት፤ አንዱን ራሱ አመጣ፣ ሌላውን አባባሰ።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ክሬሙ ነው። ስሙን አልነገርከኝም፤ ግን "ሁሉንም ያጠፋል" የሚባለውን አውቀዋለሁ። ቱቦውን አውጣና ጀርባውን አንብብ። ምናልባት ቤታሜታዞን፣ ክሎትሪማዞልና ኒዮማይሲን የሚሉ ስሞች ታገኝበታለህ፤ ወይም የነሱን ዘመዶች። የመጀመሪያው ስቴሮይድ ነው፣ ቁጣን ያበርዳል። ሁለተኛው የፈንገስ መድኃኒት ነው። ሦስተኛው ባክቴሪያን የሚገድል ነው። ሦስቱን በአንድ ቱቦ ማድረግ ብልህነት ይመስላል፤ ለእግር ግን ጣጣው ይበዛል።

ለምን መሰለህ? ስቴሮይዱ በሁለትና በሦስት ቀን እከኩን ያጠፋዋል። ፈንገስም ይሁን አለርጂ ግድ የለውም፣ ሁለቱንም ዝም ያሰኛቸዋል። አንተም ዳንኩ ብለህ ታቆማለህ። ክሎትሪማዞሉ ግን ፈንገሱን ለመጨረስ አራት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። በሦስተኛው ቀን ስታቆም ፈንገሱ እዚያው አለ። እንዲያውም ስቴሮይዱ የቆዳውን መከላከያ ስላዳከመለት ተመችቶታል። ጫማውም አልተቀየረም፤ ስለዚህ የላይኛውም ይመለሳል። ደጋግመህ ያየኸው ይህንን ነው። በስቴሮይድ የቆየ ፈንገስ ደግሞ መልኩን ይቀይራል። ጠርዙ ይጠፋል፣ ቅርፊቱ ይቀንሳል፣ ቀለል ያለ ችፌ መስሎ ወደ እግር ጀርባ ይስፋፋል። ያኔ ሐኪሙም ይሳሳታል። ኒዮማይሲን ራሱ የታወቀ የአለርጂ ምንጭ መሆኑንም ልጨምርልህ። ሰው ለአለርጂ ብሎ የተቀባው ነገር አለርጂ ሲሆንበት በተደጋጋሚ አያለሁ። ክሬሙን ማቆምህ ጥሩ ነው፤ ወደ እሱ አትመለስ።

መቀባት ካቆምክ ሁለት ሳምንት ስለሆነህ ምርመራ ለማድረግ ጊዜው አሁን ነው። የፈንገስ ክሬም የተቀባ ቆዳ በላብራቶሪ ሲታይ በውሸት "የለም" ሊል ይችላል፤ ያንተ አሁን ጸድቷል። የምትጠይቀው ምርመራ "የቆዳ ቅርፊት የፈንገስ ምርመራ" ነው። የላብራቶሪ ሰዎች ኬ-ኦ-ኤች ይሉታል። አያምም። በደነዘዘ ምላጭ ቅርፊቱን ፋቅ ፋቅ አድርገው መስተዋት ላይ ያስቀምጣሉ። ቅርፊቱን የሚያሟሟ ፈሳሽ ጠብ ያደርጉበታል። ትንሽ ቆይተው በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ፈንገሱ ካለ እንደ ቅርንጫፍ የተዘረጉ ክሮች ይታያሉ። በዚያው ዕለት ውጤት ይሰጥሃል።

ሁለት ነገር ብቻ አደራ። አንደኛ፣ ከሁለት ቦታ እንዲወሰድልህ ጠይቅ፤ ከጣት መሃልና ከጣት ጀርባ፣ ለየብቻ። ብዙ ጊዜ ከአንዱ ብቻ ይወሰድና ለሁለቱም ይፈረዳል። ሁለተኛ፣ ከጣት መሃል ሲወሰድ ከረጠበው ነጭ ሥጋ መሰል ነገር ሳይሆን ከዳሩ፣ ደረቅ ካለው ቅርፊት ይሁን። በጣም የራሰና የሚሸት ቦታ ላይ ባክቴሪያ ስለሚበዛ ፈንገሱ ላይታይ ይችላል። "የለም" የሚል ውጤት ቢመጣም መልኩና ቦታው የሚመስል ከሆነ እኔ እንደ ፈንገስ ማከሜን አልተውም።

ምርመራው ባለህበት ቦታ ካልተመቸህስ? ያኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ሁለቱን ቦታ ለየብቻ አክማለሁ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ግን ምንም ስቴሮይድ አላስነካም።

ጣት መሃል፦ ቴርቢናፊን 1 በመቶ ክሬም ካገኘህ በቀን ሁለቴ ለአንድ ሳምንት በቂ ነው። እሱ ከሌለ ክሎትሪማዞል 1 በመቶ ወይም ሚኮናዞል 2 በመቶ ውሰድ። ስማቸው ብቻውን የተጻፈበትን ነው የምልህ፣ ድብልቁን አይደለም። እነዚህን በቀን ሁለቴ ለአራት ሳምንት ትቀባለህ። በአሥረኛው ቀን የዳነ ይመስልሃል፤ አታቁም። ክሬሙን በሽታው ላይ ብቻ ሳይሆን ዙሪያውንም ሁለት ሳንቲሜትር ያህል አልፈህ በስሱ ቀባ። ወፍራም አድርጎ መለደፍ ቦታውን ይበልጥ ያረጥበዋል። ዊትፊልድ የሚባለው ርካሽ ቅባት ለደረቀ ፈንገስ ይሠራል፤ የተሰነጠቀ ጣት መሃል ላይ ግን እሳት ነው፣ አይሆንህም።

ክሬሙ ግማሽ ሥራ ነው የሚሠራው። ሌላውን ግማሽ የሚሠራው ድርቀት ነው። እግርህን ስትታጠብ እያንዳንዱን ጣት ከፍተህ አድርቅ። ለሶላት ውዱእ የምታደርግ ከሆነ በቀን አምስቴ እግርህ ይታጠባል ማለት ነው፤ ጫማ ከማድረግህ በፊት ማድረቂያ ጨርቅ ወይም ሶፍት በኪስህ ይኑር። ፎጣው የራስህ ይሁን። ማታ ስትተኛ በሁለቱ ጣቶች መሃል ትንሽ የንጹሕ ጋዝ ቁራጭ አስገባ፤ ተለያይተው ይደሩ። ሥራ ላይ ሁለተኛ ካልሲ ይዘህ ሂድና ከምሳ ሰዓት በኋላ ቀይር። ካልሲውን ገልብጠህ በሙቅ ውሃ እጠበው፤ በጣም የፈላ ውሃ ውስጥ ትንሽ ቢቆይ ይመረጣል፣ በለብ ያለ ውሃ ፈንገሱ አይሞትም። ከዚያ ፀሐይ ላይ አስጣው። በክረምት ሐዋሳ ጫማ በአንድ ሌሊት አይደርቅም። ስለዚህ ሁለት ጫማ እያፈራረቅህ፣ አንዱን ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን አሳርፈው።

የጣት ጀርባ፦ እዚህ መድኃኒቱ ጫማውን ማውለቅ ነው። ለሁለት ሳምንት ያንን ጫማ አታድርገው፤ ለአንድ ሰዓትም፣ ለሰርግም። ቦታውን ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክረህ አሥር ደቂቃ ያህል አሳርፍበት፣ አድርቅና ቫዝሊን በስሱ ቀባ። ቫዝሊኑ ጣት መሃል እንዳይገባ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ከላይ ያለው ግልጽ ባለ ሁኔታ እየቀነሰ ከመጣ አለርጂ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ያኔ እከኩ የሚያስቸግርህ ከሆነ ቤታሜታዞን 0.1 በመቶ ብቻውን፣ በቀን አንዴ፣ ለአንድ ሳምንት ወይም ቢበዛ ለአሥር ቀን ከላይ ብቻ መቀባት ይቻላል። ላብራቶሪው ከላይ የተወሰደው ላይ ፈንገስ የለም ብሎህ ከሆነ ግን ሳምንት መጠበቅ አያስፈልግህም፣ ወዲያው መጀመር ትችላለህ። ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ሦስትና አራት ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል በአምስተኛው ቀን አልጠፋም ብለህ አትደንግጥ። ጫማውን አውልቀህ በሁለት ሳምንት ውስጥ ምንም ያልተለወጠ፣ ወይም ጠርዝ እያበጀ የሚሰፋ ከሆነ ግን ግምቴ ስህተት ነው፤ የላይኛውም ፈንገስ ሊሆን ይችላል።

እስከዚያ ምን ታድርግ? ባዶ እግር ሂድ እያልኩህ አይደለም። በደቡቡ አካባቢ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣውን የእግር ዝሆኔ ታውቀዋለህ። አለቃህን አስፈቅደህ ሥራ ላይ ጥቁር ሸራ ጫማ አድርግ፣ ቤት ደግሞ ከላስቲክ ያልተሠራ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ።

ጫማውን ልጣለው ወይ ላልከው፣ ገና አትጣለው። መጀመሪያ ምኑ እንዳስቆጣህ እንመርምር። ከላይ የሚያርፈው የጫማው ፊት ቆዳ ነው። አብዛኛው የጫማ ቆዳ የሚለፋው በክሮም ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ስትመጣ ሞጆ ላይ የሚሸትህን የቆዳ ፋብሪካ አስታውስ፤ ቆዳን ከመበስበስ የሚያድነው ይህ ዓይነት ሥራ ነው። ክሮሙ ደረቅ ቆዳ ውስጥ ሳለ ዝም ብሎ ይቀመጣል። እግርህ ሲያልበው ግን ላቡ ያሟሟውና ካልሲውን አልፎ ቆዳህ ላይ ይደርሳል። ወፍራም ካልሲ የማይጠቅምህ ለዚህ ነው፤ እግርህ ይበልጥ ይሞቃል፣ ይበልጥ ያልበዋል። ሁለተኛው ተጠርጣሪ የጫማው አፍንጫ እንዳይጎብጥ ገበሩ ሥር የሚለጠፈው ማስቲሽ ነው። ሦስተኛው እዚያው አፍንጫው ውስጥ ያለ ላስቲክ ነው፤ ላስቲክን ለማጠንከር የሚጨመሩ ኬሚካሎች የታወቁ አስቆጪዎች ናቸው። ሦስቱም የሚያጠቁት አንድ ቦታ ስለሆነ በማየት ብቻ መለየት አይቻልም።

ቁርጡን የሚነግርህ ጀርባ ላይ የሚለጠፍ ምርመራ ነው። የእያንዳንዱ ኬሚካል ጠብታ ጀርባህ ላይ ተለጥፎ ሁለት ቀን ይቆያል፤ ሲነሳ አንዴ፣ ከዚያ በአራተኛው ቀን አካባቢ ደግሞ ሁለተኛ ይነበባል። በየክሊኒኩ የሚገኝ ምርመራ አይደለም። ለአንድ ጫማ ብለህ አገር አታቋርጥ። ሁለተኛና ሦስተኛ ጫማም ካስቆጣህ ግን ሪፈር መጠየቅ ተገቢ ነው። ይህ አለርጂ አንዴ ከያዘ በአብዛኛው ዕድሜ ልክ አብሮህ ይኖራልና ስሙን ማወቁ ይጠቅማል።

ያለ ምርመራውም አንድ ብልሃት አለ። ኮንጎ ጫማ በአንድ ጊዜ ከፈሰሰ ፕላስቲክ የሚወጣ ነው፤ ቆዳ የለውም፣ ማስቲሽ የለውም። ለጫማ አለርጂ እንደሱ ያለ ሰላማዊ ጫማ ጥቂት ነው። ለጣት መሃል ፈንገስ ግን አየር ስለማያስገባ መጥፎ ነው! ያንተ ችግር እዚህ ላይ ነው፤ አንዱን የሚያሽረው ሌላውን ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ፈንገሱን መጨረስ፣ ከዚያ ጫማ መምረጥ ይሁን። ለሥራ ስትገዛ ሰው ሠራሽ ቆዳ ሆኖ ገበሩ ጨርቅ የሆነ፣ አፍንጫው ሰፋ ያለ ጥቁር ጫማ ፈልግ። ክሮሙን በዚህ ታመልጠዋለህ። ማስቲሹን ላታመልጠው ትችላለህ፤ እሱን የሚያሳይህ ጊዜ ነው። ስትለካ ከሰዓት በኋላ፣ እግርህ አበጥ ሲል ለካው፤ አምስቱም ጣቶች ሳይደራረቡ መግባት አለባቸው።

ሌሎች ተመሳሳዮችን በአጭሩ ላንሳ። ጣት መሃል ያለው ነገር ብዙም ሳያሳክክ ቡናማ ወይም ነጣ ብሎ የቆየና በፈንገስ ክሬም ንቅንቅ ያላለ ከሆነ ኤሪትራዝማ የሚባል የባክቴሪያ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም በልዩ መብራት ሲያየው ደማቅ ሮዝ ቀለም ያበራል፣ መድኃኒቱም የተለየ ነው። ሲጫኑት የሚያም ነጭ ድንድን ብቻ ከሆነ የሁለት አጥንት መፋተግ ያመጣው ነው፤ ለእሱ ክሬም አይሠራም፣ ሰፊ ጫማ ነው። እግርህ ላይ ፈንገስ እያለ እጅህ ላይ ውሃ የቋጠሩ የሚያሳክኩ ነጥቦች ቢወጡ ደግሞ እጅህን ፈንገስ ያዘው ማለት ላይሆን ይችላል፤ ሰውነት ለእግሩ ፈንገስ የሚሰጠው ምላሽ ሊሆን ይችላል፣ የእግሩ ሲድን እሱም ይጠፋል። የእግር ጥፍርህንም እይ። ወፍሮ፣ ቢጫ ሆኖ፣ የሚፈረፈር ካለ ፈንገሱ እዚያ ገብቷል። ጥፍሩ ካልታከመ ጣት መሃሉን ብታድነውም ይመለሳል፤ የጥፍር ሕክምና በአፍ የሚወሰድና የወራት ጉዳይ ስለሆነ ሐኪም ይወስንልህ።

ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ፌጦ፣ በረኪና፣ ነጭ ጋዝ፦ ማንም ቢመክርህ አታድርግ። የነጭ ሽንኩርት ቃጠሎ ያለበት ጣት ማከም ፈንገስ ከማከም ይከብዳል።

ሳትቆይ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያለብህ ደግሞ መቼ እንደሆነ ልንገርህ። በጣት መሃል የተሰነጠቀ ቆዳ ለባክቴሪያ የተከፈተ በር ነው። የእግርህ ጀርባ ወይም ቅልጥምህ ትኩስ ሆኖ ካበጠና ከቀላ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለህ፣ ብሽሽትህ ውስጥ የሚያም እብጠት ከወጣ፣ ወይም ከጣት መሃል አረንጓዴ መግል መሰል ነገር ከወጣ ያን ቀን ሂድ። ስኳር ያለበት ሰው ከሆነ ይህ ሁሉ እስኪመጣ አይጠብቅ፤ ስንጥቁን ሲያይ ይሂድ።

ሁለቱም ከጠፉልህ በኋላ እህትህ ልክ መሆኗን ማረጋገጥ ከፈለግህ ያንኑ ጫማ ለአንድ የሥራ ቀን አድርገውና አውልቀው። ከዚያ ሦስት ቀን ጠብቅ። በዚያው ቦታ፣ በሁለቱም እግር ላይ እከኩ ከተነሳ ጫማው ነው፤ ያኔ ስጠው ወይም ሽጠው። ካልተነሳ ግን ነጻ ነው ብለህ አትፍረድ፤ አንድ ቀን ላያስቆጣ ይችላል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ሦስት ቀን አከታትለህ ሞክረው። ቁጣው የመጀመሪያ ጊዜ ከብዶ እግርህን አሳብጦት ከነበረ ይህን ሙከራ ተወው። ወደ ሐኪም ስትሄድ ደግሞ ጫማውን፣ ካልሲውንና የክሬሙን ባዶ ቱቦ በፌስታል ይዘህ ሂድ።